ርዕስ ብቻ ይዞ የመጣ ኢሜይል

«የ2012 ትራንስክሪፕት እስከ ነገ 9 ሰዓት ይደርሳል?»

ኢሜይሉ ይኸው ነው። ጥያቄው የተጻፈው በርዕሱ ቦታ ሲሆን፣ ሲከፈት ውስጡ ባዶ ነው። ሰላምታ የለም፣ ፊርማ የለም፣ የተያያዘ ፋይልም የለም። የላኪው ስም በሚታይበት ቦታ «ደስታ» ይላል፤ የአባት ስም አልተጻፈም። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ሠራተኛ ረቡዕ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ገብታ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ይህን አገኘች እንበል። ምን ብላ ትመልስ?

ቶሎ የሚመጡት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «አይደርስም» ነው። ሁለተኛው «ጥያቄዎ ግልጽ ስላልሆነ በዝርዝር ይጻፉልን» የሚለው ነው። የመጀመሪያው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጠያቂው ከዚያ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም። ሁለተኛው ጨዋ ይመስላል፤ ግን ጠያቂው ምኑ እንዳልተገለጸ አያውቅም፤ ለእሱማ ግልጽ ነው። ስለዚህ ያንኑ አንድ መስመር በጥቂቱ አስረዝሞ ይልከዋል፣ ሠራተኛዋም ሌላ ትጠይቃለች፤ በአንድ ልውውጥ ማለቅ የነበረበት ጉዳይ ሳምንት ይፈጃል።

እንዲህ ያለ ኢሜይል ሲደርሳቸው የሚቆጡ ብዙ ሰዎች አሉ። «ሰላም ለማለት እንኳ አልፈለገም» ይላሉ። እኔ ቁጣው ያለቦታው ይመስለኛል። የኢሜይል መልእክት ምን ምን መያዝ እንዳለበት የሚደነግገው፣ አርኤፍሲ 5322 የሚባለው እ.ኤ.አ. የ2008 ሰነድ፣ ግዴታ የሚያደርገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ከማን እንደመጣና መቼ እንደተጻፈ። ርዕስ እንኳ ግዴታ አይደለም። ውስጡም እንደዚሁ ቢኖርም ባይኖርም ይሆናል። ስለዚህ ባዶው ኢሜይል ጎደሎ ቢመስልም በደንቡ ሙሉ መልእክት ነው።

ሰውም ያለ ምክንያት እንዲህ አይጽፍም። በስልክ ኢሜይል የሚጽፍ ሰው ከተቀባዩ አድራሻ ቀጥሎ የሚያገኘው ሣጥን የርዕሱ ነው። በቴሌግራምና በአጭር የጽሑፍ መልእክት የለመደ እጅ በመጀመሪያው ሣጥን ሐሳቡን ይጨርስና ይልከዋል። በኛ ቢሮዎች ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን፣ ከዚያ የተቀባዩ ስም፣ ከዚያ ከሥሩ የተሰመረበት «ጉዳዩ፦» የሚል መስመር አለው። መዝገብ ቤት ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ያችን መስመር ብቻ አይቶ ደብዳቤውን ወደ ክፍሉ ይመራዋል። ጉዳዩ ከተነበበ ሥራው ይሄዳል ብሎ የሚያምን ሰው የኢሜይሉንም ርዕስ እንደዚያው ቢቆጥረው አያስደንቅም።

ያም ሆኖ ሠራተኛዋ መልስ ከመጻፏ በፊት አንድ ነገር ማረጋገጥ አለባት፤ ውስጡ እውነት ባዶ ነው? ወይስ የሆነ ነገር ነበረበትና እሷ ዘንድ ሳይደርስ ቀረ?

አንዱ ምክንያት ኔትወርክ ሊሆን ይችላል። ብዙ የስልክ ኢሜይል መተግበሪያዎች መጀመሪያ የላኪውንና የርዕሱን መረጃ ያወርዱና ውስጡን ቆይተው ያመጣሉ። ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ ርዕሱ ታይቶ ውስጡ ነጭ ሆኖ ይቆያል። ሌላው ምክንያት ላኪው የጻፈውን በምስል መልክ መላኩ ነው፤ ምስል እንዳይታይ የተዘጋበት ኮምፒውተር ላይ መልእክቱ ባዶ ይመስላል። ሦስተኛው ቁልፍ ቀድሞ መነካቱ ነው። ጂሜይል የተላከን መልእክት መልሶ ለመያዝ ቢበዛ 30 ሰከንድ ይሰጣል፤ ከዚያ ካለፈ የሚቀረው ሁለተኛ ኢሜይል መላክ ነው። ስለዚህ ባዶው መልእክት የደረሰው ከደቂቃዎች በፊት ከሆነ ትንሽ መታገስ ይበጃል፤ «ይቅርታ፣ ሳልጨርስ አመለጠኝ» የሚል ተከታይ ሊመጣ ይችላል። የኛው ኢሜይል ግን ከደረሰ ከሦስት ሰዓት በላይ ሆኖታል፤ ተከታይም አልመጣም።

ለማጣራት አስቸጋሪ አይደለም። በጂሜይል መልእክቱን ከፍቶ ሦስቱን ነጥቦች መጫንና `Show original` የሚለውን መምረጥ ነው። የሚከፈተው ገጽ ላይ መልእክቱ እንደመጣ፣ ያለ ጌጥ ይታያል። ላይ ላዩን የላኪው፣ የቀኑና የርዕሱ መስመሮች አሉ፤ ከዚያ አንድ ባዶ መስመር፤ ከዚያ ውስጡ ይከተላል። በውስጡ ቦታ `<div dir="ltr"><br></div>` የሚል ብቻ ካለ ላኪው ምንም አልጻፈም ማለት ነው፤ ያ ጽሑፍ ባዶ መስመርን የሚያመለክት ትእዛዝ ነው። ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ከታየ ግን በኮድ የተጠቀለለ ጽሑፍ፣ ምስል ወይም ፋይል አለ ማለት ነው። ሠራተኛዋ ያየችው የመጀመሪያውን ነው።

እዚያው ገጽ ላይ ግን ሌላ ጠቃሚ ነገር አገኘች፤ የቀኑን መስመር።

```
Date: Tue, 10 Jun 2025 22:14:08 -0400
```

መጨረሻ ላይ ያለው `-0400` ላኪው የተጠቀመበት ሰዓት ከግሪኒች በ4 ሰዓት ወደ ኋላ መሆኑን ይናገራል። አዲስ አበባ `+0300` ነው፤ በመካከላቸው 7 ሰዓት አለ። በሰኔ ወር ዋሽንግተንና ኒው ዮርክ የሚገኙት እዚህ ላይ ነው። ላኪው ኢሜይሉን የጻፈው ማክሰኞ ማታ፣ እነሱ እንደሚሉት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከሩብ ገደማ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ጊዜው ረቡዕ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ሆኗል። ይህ ቁጥር ላኪው ያለበትን አገር በእርግጠኝነት አይናገርም፤ የመሣሪያው ወይም የአካውንቱ ሰዓት የተሞላበትን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሆኖም ጥያቄውን እንደገና እንድናነብ ያስገድደናል።

«ነገ» ማን ዘንድ ያለው ነገ ነው? ሠራተኛዋ ረቡዕ ጠዋት ስታነበው ነገ ሐሙስ ነው። ማክሰኞ ማታ ለጻፈው ሰው ግን ነገ ረቡዕ ነው፤ ማለትም የእሷ ዛሬ። «9 ሰዓት»ስ? አገር ቤት ያደገ ሰው 9 ሰዓት ሲል ከሰዓት በኋላ ማለቱ ነው፤ በእንግሊዝኛው አቆጣጠር 3 ሰዓት። ነገር ግን ዓመታት ውጭ የኖረ፣ ስልኩ ላይ ያለውን ሰዓት እያየ የሚጽፍ ሰው የጠዋቱን ወይም የማታውን 9 ሊል ይችላል። የዋሽንግተን ጠዋት 9 ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። የዋሽንግተን ማታ 9 ሰዓት ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል። ሠራተኛዋ በመጀመሪያ የገመተችው «ሐሙስ ከሰዓት» ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ላይሆን ይችላል። ግምቷን ይዛ «እስከ ነገ እንሞክራለን» ብላ ብትመልስ ኖሮ፣ ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ሁለቱም ወገን የተስማሙ መስሏቸው ይቀመጡ ነበር።

ሦስተኛው ችግር ዓመቱ ነው። «የ2012» የሚለው የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ተመራቂው በ2020 እ.ኤ.አ. አካባቢ ትምህርቱን የጨረሰ፣ ኮቪድ የገባበት ዓመት ተማሪ ነው። የፈረንጁ ከሆነ ግን በ2004 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። የስምንት ዓመት ልዩነት ነው፤ መዝገቡም ሌላ፣ ምናልባትም የትምህርት ክፍሉ ስም ራሱ የተለወጠበት። አዲስ አበባ ሆኖ ሲጻፍ ማንም «ዓ.ም.» ብሎ መጨመር አይሻም፤ ቨርጂኒያ ሆኖ «2012» ብሎ የሚጽፍ ሰው ግን የሥራ ማመልከቻው ላይ ሁልጊዜ የሚሞላው የትኛውን እንደሆነ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

አራተኛው «ይደርሳል» የሚለው ቃል የት እንደሚደርስ አለመናገሩ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ብዙውን ጊዜ በተመራቂው እጅ አያልፍም፤ ሬጅስትራሩ በማኅተም አሽጎ በቀጥታ ለተቀባዩ ተቋም ይልከዋል። የተማሪ ኮፒ ግን ለባለቤቱ ይሰጣል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ ሰው ከሆነም የወጪ መጋራት ግዴታው የት እንደደረሰ ይጠየቃል። ሠራተኛዋ ይህን ሁሉ ታውቀዋለች፤ ፈተናዋም እዚህ ላይ ነው። የምታውቀውን ሁሉ ብትዘረግፈው ኢሜይሉ ደንብና መመሪያ ይሆናል፤ በስልኩ የሚያነበው ሰውም ግማሹን ሳያይ ያልፈዋል። ከዚያ ሁሉ የሚመለከተው የትኛው እንደሆነ የሚወሰነው ገና ባልታወቁት ነገሮች ነው።

ስለዚህ መጠየቅ ያለባት ብዙውን ጥርጣሬ በአንዴ የሚዘጋውን ነገር ነው፤ ያም የተማሪ መታወቂያ ቁጥር። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመታወቂያው ቁጥር ጫፍ ላይ የገቡበት ዓመት ሁለት አኃዝ ተቀምጧል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር። ቁጥሩ ከመጣ ሙሉ ስሙም፣ ትምህርት ክፍሉም፣ የ2012 ትርጉምም አብረው ይመጣሉ። «የትኛው 2012 ነው?» ብላ ብትጠይቅ መልሱ አንዱን ጥርጣሬ ብቻ ያጠፋላት ነበር።

መልሱን ለመጻፍ ስትቀመጥ አንድ የቋንቋ ጣጣ ይገጥማታል፤ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው የማያውቀው። «ደስታ» ወንድም ሴትም የሚጠራበት ስም ነው፤ ስንታየሁም እንደዚያው ነው። አማርኛ ግን ጾታ ሳይለይ «ላክ» ወይም «ላኪ» ማለት አይፈቅድም። «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ብሎ መገመት ደግሞ ከተሳሳተ የመልሱን ሁሉ ቅን መንፈስ ያበላሻል። መውጫው «እርስዎ» ነው። ጾታ አይለይም፣ ያከብራል፣ ለቢሮም ይስማማል። የላኪው ስም ቦታ ሁለት ስም ይዞ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልግ ነበር፤ በውጭ አገር ብዙ ሥርዓቶች የአባትን ስም አስቀድመው ኮማ አድርገው ከዚያ ስሙን ያስከትላሉ፤ ልብ ያላለ ሰው ባለጉዳዩን ትቶ ለአባቱ ይጽፋል።

በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ቢመጣ እንኳ መልሱ በግዕዝ ፊደል ቢሆን ይሻላል። የሚያነብ ሰው ያነበዋል፤ የማያነብ ከሆነም በመልሱ ይናገራል።

መልሷ እንዲህ ይሆናል፦

«ጤና ይስጥልኝ፤

‹የ2012 ትራንስክሪፕት እስከ ነገ 9 ሰዓት ይደርሳል?› የሚለው ኢሜይልዎ ዛሬ ረቡዕ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሰዓት ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ደርሶናል። ከርዕሱ በስተቀር ጽሑፍም አባሪም አላገኘንበትም፤ የላኩት ነገር ካለ እባክዎ ድጋሚ ይላኩት።

ታሽጎ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ዛሬም ሆነ ነገ ሐሙስ ሊደርስ አይችልም፤ የቀረበ ማመልከቻ አላገኘንም፤ ዛሬ ቢቀርብም ጉዞው ከሁለት ቀን በላይ ይፈጃል። ቀነ ገደቡ የሚያመለክቱበት ተቋም ከሆነ፣ ለጊዜው የተማሪ ኮፒ ይቀበሉ እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠይቋቸው።

ሥራውን እንድንጀምር ሁለት ነገር ይላኩልን። አንደኛው የተማሪ መታወቂያ ቁጥርዎ ነው፤ ካላስታወሱት ሙሉ ስምዎን እስከ አያት፣ ትምህርት ክፍልዎንና የተመረቁበትን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፉልን። ሁለተኛው ትራንስክሪፕቱ የሚላክለት ተቋም ሙሉ ስምና አድራሻ ነው። ቀነ ገደብ ካለ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነም ጨምሩበት።»

ከሥሩ ስሟ፣ የሥራ ክፍሏና የቢሮው ስልክ ይከተላል።

ይህን መልስ ብንፈታው መጀመሪያ የምናየው የጠያቂውን ቃል እንደነበረ መገልበጧን ነው። ይህ ለጨዋነት ብቻ የተደረገ አይደለም። መልስ ለመስጠት ቁልፉን ስንጫን ጂሜይል ከመልሳችን ሥር የሚያስቀምጠው የመጀመሪያውን መልእክት ውስጡን ነው፤ ርዕሱን አይደለም። ውስጡ ባዶ ስለሆነ የሚጠቀሰው ባዶ ነገር ነው። ነገ ጉዳዩ ወደ ሌላ ሠራተኛ ቢመራና ርዕሱን ሰው ቢለውጠው፣ ወይም መልሱ ታትሞ ፋይል ውስጥ ቢገባ፣ «አይችልም» የተባለው ምን እንደሆነ የሚናገር ነገር አይኖርም። ጥያቄው ወደ ውስጥ ከገባ ግን ከመልሱ አይለይም።

ሁለተኛው ቀኖቹን በስማቸው መጥራቷ ነው። «ነገ» አላለችም፤ «ነገ ሐሙስ» አለች። «ዛሬም ሆነ ነገ» ብላ ሁለቱንም ቀን ስለዘጋችም፣ ጠያቂው ረቡዕን ይበል ሐሙስን መልሱ እኩል ይሠራል። የማይታወቀውን ነገር ሳይጠይቁ ማለፍ የሚቻለው እንዲህ ነው፤ መልሱ በሁሉም ትርጉም አንድ ከሆነ መጠየቁ ትርፍ ነው። የቀነ ገደቡን ሰዓት የጠየቀችው ለዛሬው መልስ ብላ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ሥራ ነው።

ሦስተኛው ስለ ሰውየው ወይም ስለ ሴትዮዋ መዝገብ አንድም ቃል አለመናገሯ ነው። ስሙን ፈልጋ «አዎ፣ በ2012 የተመረቀ ደስታ አለን» ብትል የማታውቀው አድራሻ ላይ የተማሪ መረጃ ሰጠች ማለት ነው። ኢሜይል ላይ የላኪን ስም ማንም እንደፈለገ መጻፍ ይችላል። መታወቂያ ቁጥሩ ከመጣ በኋላም ቢሆን የቢሮው ማጣሪያ ገና ነው።

አንዳንዱ ሰው «እሱ በርዕስ ከጻፈ እኔም በርዕስ ልመልስለት» ይላል። ይህ ከሁሉ የባሰው ነው። ጂሜይል የመልእክቶችን ልውውጥ በአንድ ክር አያይዞ የሚያሳየው ርዕሱ ሳይለወጥ ሲቆይ ነው። ርዕሱ ውስጥ መልስ ሲጨመር ክሩ ይበጠስና መልሱ እንደ አዲስ መልእክት ለብቻው ይቀመጣል። ጠያቂው ጥያቄውን ከፍቶ መልስ የሌለው መስሎት ሊያዝን ይችላል፤ መልሱ ግን ሌላ ቦታ ተቀምጧል። ከርዕሱ ፊት የሚጨመረውን `Re:` ፕሮግራሙ ራሱ ያስገባዋል፤ ርዕሱን እንዳለ ተውት።

በርዕስ ብቻ የሚመጣ የአማርኛ መልእክት ሌላ አንድ ጉዳት አለው። የኢሜይል ርዕስ መጀመሪያ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ፊደላት ነው። የግዕዝ ፊደል በዚያ መስመር እንዲያልፍ በኮድ ተጠቅልሎ ይላካል፤ ተቀባዩ ዘንድ ተፈትቶ በፊደሉ ይታያል። «ሰላም» የሚል ርዕስ በመንገድ ላይ ያለው መልክ ይህ ነው፦

```
Subject: =?UTF-8?B?4Yiw4YiL4Yid?=
```

እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በኮዱ ውስጥ አራት ምልክት ይሆናል፤ አንድ ጥቅል ደግሞ ከ75 ምልክት እንዳይበልጥ ተወስኗል። መጠቅለያው ራሱ 12 ምልክት ስለሚወስድ አንዱ ጥቅል የሚይዘው 15 የግዕዝ ፊደል ብቻ ነው። ረዘም ያለ ጥያቄ ለሁለት ለሦስት ጥቅል ይከፈላል። ያረጀ ወይም በትክክል ያልተሠራ የቢሮ ሥርዓት ይህን መፍታት ሲያቅተው ርዕሱ እንዲህ ተመሰቃቅሎ ይታያል፤ ውስጡ ደግሞ ባዶ ነው። የሚነበብ ምንም ነገር የለም። ይህን ያየ ሠራተኛ ቫይረስ መስሎት ያጠፋዋል። `=?UTF-8?B?` ብሎ የሚጀምር ርዕስ ግን የተጠቀለለ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ መልእክቱን በሌላ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ በስልክ፣ መክፈት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

መልስ የማያስፈልገውም አለ። ላኪው የማይታወቅ፣ ርዕሱም «ሰላም» ወይም `Hello` ብቻ የሆነ ባዶ መልእክት ብዙ ጊዜ አድራሻው የሚሠራ መሆኑን ለማጣራት የሚላክ ነው። መልስ የሰጠ ሰው «አለሁ፣ አነባለሁ» ብሎ ማረጋገጫ ሰጠ ማለት ነው፤ ቀጥሎ የማታለያው መልእክት ይመጣል። መለያው ርዕሱ የተወሰነ ጉዳይ መያዝ አለመያዙ ነው። የኛው ጥያቄ ትራንስክሪፕት፣ ዓመትና ሰዓት ይዟል፤ የመጣውም ያንን ሥራ ለሚሠራ ቢሮ ነው። ሌላ አንድ ቀላል ማጣሪያም አለ። የመልስ ቁልፉን ከተጫኑ በኋላ፣ ከመጻፍዎ በፊት፣ መልሱ የሚሄድበትን አድራሻ ማየት ነው። ኢሜይሉ ከአንዱ አድራሻ መጥቶ መልሱ ወደ ሌላ የሚሄድ ከሆነ ቆም ማለት ይገባል።

በባልደረቦች መካከል ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። ከግቢ ውጭ ያለው የሥራ ባልደረባ «መኪናው ወጣ?» ብሎ በርዕስ ቢልክ ሦስት አንቀጽ የሚጽፍለት የለም። «አዎ፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቷል» ይበቃል። ግን እዚህም «አዎ» ብቻዋን አትላክ። «ዛሬ ልምጣ ወይስ ነገ?» ለሚል ርዕስ «አዎ» ብለው የሚመልሱ ሰዎች አሉ። እንግሊዝኛ ቢሮዎች ውስጥ ርዕሱን `EOM` ብለው የሚዘጉም ያጋጥማሉ፤ ውስጡን አትክፈት፣ ሌላ የለውም ማለታቸው ነው። ለእንደዚያ ያለው መልእክት መልስ የሚሰጠው መልሱ አዲስ ነገር ከያዘ ብቻ ነው።

ወደ ሬጅስትራሯ እንመለስ። ሐሙስ ጠዋት ከደስታ አዲስ ኢሜይል ደርሷታል። ርዕሱ የመታወቂያ ቁጥር ነው፤ ጫፉ ላይ 01 ይላል። ውስጡ አሁንም ባዶ ነው። ቁጥሩ የገቡበትን ዓመት 2001 ዓ.ም. አድርጎታል፤ ስለዚህ የአራት ዓመት መደበኛ ትምህርት ከሆነ ምረቃው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ «2012» የፈረንጁ ነበር ማለት ነው። የሚላክለት ተቋም አድራሻ ግን አልመጣም። ርዕሱ ስለተለወጠም አዲሱ መልእክት ከትናንቱ ልውውጥ ጋር አልተያያዘም፤ ለብቻው ተቀምጧል።

ሠራተኛዋ ለአዲሱ መልስ አትሰጥም። የትናንቱን ክር ትከፍትና በራሷ መልስ ላይ ትቀጥላለች፤ በውስጡ እንዲህ ትጽፋለች፦ «በሌላ ኢሜይል የላኩት የመታወቂያ ቁጥር ደርሶናል። የምረቃ ዓመትዎን 2004 ዓ.ም. አድርገን ይዘነዋል፤ ካልሆነ ይንገሩን። የሚቀረን የተቋሙ አድራሻ ነው።» ቁጥሩን መልሳ አልጻፈችውም። ርዕስ የስልክ መክፈቻ ላይ ሳይከፈት የሚታይ ቦታ ነው፤ መታወቂያ ቁጥር እዚያ መቀመጡ ራሱ አልወደደችውም፤ እሷ ደግማ ልታሰራጨው አይገባም። ከዚያ የ2001 ገቢ ተማሪዎችን መዝገብ ለማውጣት ወደ ፋይል ክፍል ትሄዳለች። ሦስተኛውም ኢሜይል ባዶ ሆኖ ከመጣ ከፊርማዋ ሥር ያስቀመጠችው የቢሮ ስልክ አለ፤ ቢሮው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሲዘጋ ዋሽንግተን ጠዋት 10 ሰዓት ተኩል ስለሚሆን፣ ለመደወል ለሁለቱም የሚመቸው የአዲስ አበባው ከሰዓት በኋላ ነው።